የአንድ ነባር ሆቴል የኃይል ፍጆታ ምርመራ፤ የእርምጃዎች ቅደም ተከተልና የወጪ መመለሻ ጊዜ

የኃይል ፍጆታ ምርመራ ዘገባ ለመሐንዲስ ሲጻፍና ለሆቴል ባለቤት ሲጻፍ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። መሐንዲሱ የመለኪያውን ዓይነትና የስሌቱን መንገድ ይጠይቃል። ባለቤቱ ግን ዘገባውን የሚገልጠው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ይኸውም በእጁ ባለው ገንዘብ መጀመሪያ ምን ማድረግ እንደሚገባው ማወቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ዘገባ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ከመሳቢያ ውስጥ አይወጣም።

ለማሳያ የተወሰደው ሆቴል አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ፣ በ1960ዎቹ የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። በየፎቁ 15፣ በድምሩ 60 የእንግዳ ክፍሎች አሉት። ምግብ ቤትና የራሱ የልብስ ማጠቢያ ክፍልም አለው። የማሞቂያም ሆነ የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት የለውም፤ የከተማው አየር ይህን አያስገድድም። በየመታጠቢያ ቤቱ 80 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር ተሰቅሏል። በዓመት በአማካይ ከ60 ክፍሎች 36ቱ ይያዛሉ። የዓመቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 240,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ለስሌት እንዲመች 6 ብር ተይዟል፤ ስለዚህ ሆቴሉ በዓመት 1,440,000 ብር ለመብራት ይከፍላል ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት አሃዞች ሁሉ የተጠጋጉ ናቸው።

ባለቤቱ ምርመራው እንዲደረግ የፈለገው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከአንድ ሻጭ የቀረበለት ሐሳብ ነው፤ በጣሪያው ላይ 50 ኪሎዋት የፀሐይ ፓነል በ5,000,000 ብር እንዲያስተክልና ለዚህም ሕንፃውን አስይዞ እንዲበደር የሚል ነበር። ሁለተኛው ከዚያ ቀደም ሲያብሰለስለው የቆየ ጥያቄ ነው። በክረምት ወራት ግማሹ ክፍል ባዶ ሆኖ ሳለ የመብራት ሂሳቡ በግማሽ የማይቀንሰው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ጉዳይ በገንዘብ መጠኑ ቢበልጥም ለመርማሪው መንገድ የከፈተለት ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ሂሳቡና ቆጣሪው የሚናገሩት

ምርመራው የሚጀምረው ከመሣሪያ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ቢያንስ የ12 ወራት የመብራት ሂሳብ ይሰበሰባል። ከጎኑም በየወሩ የተያዙት ክፍሎች ብዛት ከእንግዳ መዝገቡ ተቆጥሮ ይጻፋል። አንድ ክፍል አንድ ሌሊት ሲያዝ አንድ የክፍል ሌሊት ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሂሳቡ የወጣበት ወር ቆጣሪው የተነበበበት ወር ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ቆጣሪው ሳይነበብ በግምት የተሞላ ወር ይኖራል። አንዱ ወር ከወትሮው በጣም ዝቅ ብሎ ተከታዩ በዚያው መጠን ከፍ ካለ ምክንያቱ እንግዳ ሳይሆን ንባብ ነው። እንዲህ ያሉት ሁለት ወራት ተደምረው ለሁለት መካፈል አለባቸው።

በዚህ ሆቴል 1,400 የክፍል ሌሊት የተመዘገበበት ወር 23,000 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 700 የተመዘገበበት ወር ደግሞ 16,000 ፈጅቷል። እንግዳው በግማሽ ሲቀንስ ፍጆታው የቀነሰው ከሲሶ በታች ነው። ልዩነቱ 7,000 ኪሎዋት ሰዓት ለ700 የክፍል ሌሊት ሲካፈል፣ አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሲያዝ የሚጨምረው ፍጆታ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 700 የክፍል ሌሊት በ10 ሲባዛ 7,000 ነው። ከ16,000 ላይ ይህ ሲቀነስ 9,000 ይተርፋል። ሆቴሉ አንድም እንግዳ ባያሳድር እንኳ በወር 9,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። የባለቤቱ ጥያቄ በአሃዝ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፤ ከዓመቱ ፍጆታ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከእንግዳው ጋር የማይወጣና የማይወርድ ቋሚ ፍጆታ ነው።

ይህ በወረቀት የተገኘ ግምት ስለሆነ በሌላ መንገድ መፈተን አለበት። ፈተናው የሚደረገው እንግዳው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መርማሪው የዋናውን ቆጣሪ ቁጥር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ደቂቃ ይመዘግባል። እዚህ ሆቴል ቆጣሪው በሁለት ሰዓት ውስጥ 24 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ፤ ይህም የ12 ኪሎዋት ጭነት ነው። ይህ ጭነት ለ30 ቀናት ሲሰላ 8,640 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በወረቀት ከተገኘው 9,000 ጋር የሚቀራረብ ነው። በሁለት የተለያዩ መንገዶች የተገኙ ቁጥሮች እንዲህ ሲገጥሙ ግኝቱን ማመን ይቻላል። ባይገጥሙ ኖሮ ከመዝገቡ ወይም ከቆጣሪው አንዱ ተሳስቷል ማለት ነውና ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ አይገባም ነበር።

በእነዚያው የሌሊት ሰዓታት መርማሪው በየፎቁ እየተዘዋወረ የሚሠራውን ነገር ሁሉ ይቆጥራል። ከ12ቱ ኪሎዋት 5ቱን የወሰዱት ቦይለሮቹ ናቸው። የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣዎችና በየክፍሉ ያሉት ትንንሽ ፍሪጆች 3 ኪሎዋት ወስደዋል። በኮሪደሩ፣ በደረጃውና በእንግዳ መቀበያው ቀንና ሌሊት የሚበሩት 60 ፍሎረሰንት አምፖሎች 2.6 ኪሎዋት ይፈጃሉ። የቀረው በፓምፕና በልዩ ልዩ ትንንሽ ዕቃዎች የተያዘ ነው።

ማንም ያልታጠበበት ሙቅ ውኃ

ቦይለር ውኃውን አሙቆ ሲጨርስ ሥራውን የጨረሰ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ቀስ እያለ ስለሚወጣ፣ ቴርሞስታቱ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ኤሌክትሪኩን ይከፍታል። ይህ የመቆያ ብክነት ይባላል። መጠኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ክፍል፣ አንድ አነስተኛ የፍጆታ መለኪያና 24 ሰዓት ብቻ ነው። ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ ቧንቧው ሳይከፈት ለአንድ ቀን ይተዋል፤ መለኪያውም ይነበባል። ከ75 ዲግሪ ላይ በቆመ ቴርሞስታት የሚሠራው የሆቴሉ ያረጀ ቦይለር በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት አባክኗል። ይህ በ60 ቦይለሮችና በ365 ቀናት ሲባዛ 43,800 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በገንዘብ 262,800 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ አንድም እንግዳ አልታጠበም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳው በእርግጥ የሚጠቀምበት ሙቅ ውኃ ነው። ለዚህም ባልዲና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። ሻወሩ ለአንድ ደቂቃ ወደ ባልዲው ይለቀቅና የተጠራቀመው ይለካል። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ፎቅ ያሉት ሻወሮች በደቂቃ 15 ሊትር ያወርዳሉ። አራተኛው ፎቅ ላይ ግን 7 ሊትር ብቻ ተገኘ። ውኃው የሚወርደው ከጣሪያው ሮቶ በመሆኑና ሮቶው ከአራተኛው ፎቅ ሻወር በላይ ያለው ከፍታ አነስተኛ ስለሆነ ግፊቱ ደካማ ነው። በዝርዝሩ ላይ «የሁሉም ክፍሎች የሻወር ራስ ይቀየር» ብሎ የሚጽፍ ዘገባ ይህን ልዩነት ሳያይ ያልፋል። አራተኛው ፎቅ ላይ ውኃ ቆጣቢ ራስ ቢገጠም የሚቆጠብ ነገር የለም፤ የሚገኘው የእንግዳ ቅሬታ ብቻ ነው።

በታችኞቹ ሦስት ፎቆች አንድ እንግዳ በአማካይ 8 ደቂቃ ቢታጠብ 120 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ይጠቀማል። ያንን ውኃ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 3.07 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በደቂቃ 8 ሊትር በሚያወርድ ራስ ግን 64 ሊትርና 1.64 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። በእነዚህ ፎቆች በቀን 40 እንግዶች ስለሚያድሩ የዓመቱ ቁጠባ 20,900 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የ45 ክፍሎች የሻወር ራስ በአንድ ክፍል 1,200 ብር ሂሳብ 54,000 ብር ያወጣል።

የመመለሻ ጊዜ እንዴት ይሰላል

ቀላል የመመለሻ ጊዜ የሚባለው ለአንድ እርምጃ የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ለሚያስቀረው ገንዘብ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የሻወር ራሶቹ 54,000 ብር ወጥቶባቸው በዓመት 125,400 ብር ስለሚያስቀሩ ገንዘቡ በ5 ወር ገደማ ይመለሳል። ስሌቱ ለማንም ግልጽ ነው። ዋጋው የሚታወቀው ግን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ሲለይ ነው።

አምፖልን እንመልከት። በኮሪደሩ ያለው ፍሎረሰንት ከነባላስቱ 44 ዋት ይወስዳል፤ 18 ዋት በሚወስድ ኤልኢዲ ቢተካ 26 ዋት ይቀራል። በዓመት 8,760 ሰዓት ስለሚበራ አንዱ አምፖል 228 ኪሎዋት ሰዓት፣ በገንዘብ 1,368 ብር ያስቀራል። ዋጋው ከነሥራው 500 ብር ቢሆን በአራት ወር ተኩል ይመለሳል። በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለው 20 ዋት አምፖል በ9 ዋት ቢተካ ግን፣ ክፍሉ በዓመት 219 ሌሊት ተይዞ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ቢበራ፣ የሚቀረው 5 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህ 29 ብር ነው። አምፖሉ 150 ብር ቢገዛ ገንዘቡ የሚመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱም በዘገባ ላይ «አምፖሎችን መቀየር» ተብለው በአንድ መስመር ሊጻፉ ይችላሉ። ባለቤቱ በዚያ መስመር ተማምኖ ከመኝታ ክፍሎቹ ቢጀምር ገንዘቡ ሥራ ሳይሠራ ይቀመጣል። የመኝታ ክፍሎቹ አምፖሎች ሲቃጠሉ ብቻ በኤልኢዲ መተካት ይችላሉ።

በተመሳሳይ ምክንያት ከዝርዝሩ የወጣ ሌላም ሐሳብ አለ። የብርድ አገር የምርመራ መምሪያዎች ነባር መስኮቶችን በድርብ መስታወት መቀየርን ከእርምጃዎቹ መካከል ያስቀምጣሉ። ይህ ሆቴል ግን ክፍሎቹን በኤሌክትሪክ አያሞቅም፤ አያቀዘቅዝምም። አዲስ መስኮት የመንገዱን ጩኸት ይቀንስ ይሆናል። ሂሳቡን ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ የመመለሻ ጊዜ ሊሰላለት አይችልም።

አንዱ እርምጃ ሌላውን ሲለውጥ

የቦይለሮቹን ቴርሞስታት ከ75 ወደ 60 ዲግሪ ማውረድ እጅግ ርካሹ እርምጃ ነው። የመቆያ ብክነት የሚወሰነው በውኃውና በክፍሉ ሙቀት ልዩነት ነው። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ ከ55 ወደ 40 ይወርዳል፤ ብክነቱም ከሩብ በላይ ይቀንሳል። በዓመት 11,900 ኪሎዋት ሰዓት ይቀራል። ወጪው ለአንድ ቦይለር 150 ብር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ክፍያ ቢታሰብ በድምሩ 9,000 ብር ነው። ገንዘቡ በአንድ ወር ተኩል ይመለሳል። ከ60 ዲግሪ በታች መውረድ ግን አይገባም፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለውና የሳንባ ምች የሚያስከትለው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል።

በመመለሻ ጊዜ ብቻ ቢደረደር ይህ እርምጃ ከሁሉ ቀድሞ ይሰለፋል። ነገር ግን መቅደም የለበትም። በ75 ዲግሪ የሞቀ 80 ሊትር ውኃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ 207 ሊትር ለመታጠቢያ የሚሆን ውኃ ይወጣዋል። በ60 ዲግሪ ግን 153 ሊትር ብቻ ነው። አሁን ባሉት ሻወሮች ሁለት እንግዶች በተከታታይ ቢታጠቡ 240 ሊትር ስለሚፈልጉ ሁለተኛው ሰው ገና ሳሙናውን ሳያስለቅቅ ውኃው ይቀዘቅዝበታል። በማግስቱ ቅሬታ ይመጣል፤ የጥገና ሠራተኛውም ቴርሞስታቱን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በብዙ ሆቴል ይህ እርምጃ ተሞክሮ «አይሠራም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የሻወር ራሶቹ አስቀድመው ከተቀየሩ ግን ለሁለት ሰው 128 ሊትር ይበቃል፤ 153 ሊትሩም ተርፎ ይቀራል። ስለዚህ የአምስት ወሩ እርምጃ ከአንድ ወር ተኩሉ መቅደም አለበት።

ሦስተኛው የሙቅ ውኃ እርምጃ ባዶ ክፍሎችን የሚመለከት ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ያሰበው እንግዳ በወጣ ቁጥር የጽዳት ሠራተኛዋ ቦይለሩን እንድታጠፋ ነበር። ይህ ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ጥቅም ይሰጣል። ቦይለሩ ሲጠፋ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ውኃው ገና ሙቅ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን እንደወትሮው ማለት ይቻላል ሙቀት እያጣ ይቆያል። በማግስቱ ሲበራ ያንኑ የጠፋውን መልሶ ይሞላል። ለአንድ ቀን ማጥፋት ከቀኑ ብክነት አንድ አምስተኛውን እንኳ አያስቀርም። ጥቅሙ የሚገኘው ያው ክፍል ለሳምንታት ሳይበራ ሲቆይ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ከጽዳት ሠራተኛዋ ወደ እንግዳ ተቀባዩ ይዛወራል። እንግዶች በየፎቁ ተበትነው እንዳይያዙ፣ መጀመሪያ ሦስቱ ፎቆች እንዲሞሉና አራተኛው ፎቅ እንግዳ በማይበዛባቸው ወራት እንዲዘጋ ይደረጋል። የፎቁ ቦይለሮች ከአንድ ቦታ እንዲጠፉ በፎቁ የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ ኮንታክተር መግጠምና መስመሩን መለየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ 30,000 ብር ተይዟል። ፎቁ በዓመት 240 ቀናት በተከታታይ ጊዜያት ቢዘጋ፣ ቴርሞስታቱ 75 ላይ እያለ ቢሆን ኖሮ 6,600 ኪሎዋት ሰዓት ያስቀር ነበር፤ ወጪውም በ9 ወር ይመለሳል። ቴርሞስታቱ ቀድሞ ወደ 60 ከወረደ ግን የሚባክነው ራሱ ስላነሰ የሚቀረው 4,800 ብቻ ይሆናል። የመመለሻ ጊዜውም ወደ 12 ወር ተኩል ይረዝማል። እያንዳንዱን እርምጃ ለብቻው አስልቶ የሚደምር ዘገባ አንዱን ብክነት ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ባለቤቱ በዓመቱ መጨረሻ የተባለውን ቁጠባ ሲያጣው እምነቱን የሚያጣው በመላው ዘገባ ላይ ነው።

የተዘጋ ፎቅ እንደገና ሲከፈት የሚደረግ ነገር አለ። ቀዝቃዛውን ቦይለር 60 ዲግሪ ለማድረስ 1.5 ኪሎዋት ያለው ማሞቂያ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ውኃው ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላም በቧንቧው ውስጥ ተኝቶ የቆየው እንዲወጣ ሻወሩ ለጥቂት ደቂቃ ተከፍቶ መተው አለበት። እንግዳ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ለባለቤቱ የቀረበው ቅደም ተከተል

በዘገባው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተቀመጠው ሠንጠረዥ የሚከተለው ነው። ከላይ ወደታች ያለው ቅደም ተከተል የአሠራሩም ቅደም ተከተል ነው።

| እርምጃ | ወጪ (ብር) | የዓመት ቁጠባ (ኪሎዋት ሰዓት) | የዓመት ቁጠባ (ብር) | የመመለሻ ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| 1. ሌሊትና ቀን የሚበሩ 60 አምፖሎችን መተካት | 30,000 | 13,600 | 81,600 | 4 ወር ተኩል |
| 2. በሦስቱ ፎቆች የሻወር ራስ መቀየር | 54,000 | 20,900 | 125,400 | 5 ወር |
| 3. ቴርሞስታቱን ወደ 60 ዲግሪ ማውረድ | 9,000 | 11,900 | 71,400 | 1 ወር ተኩል |
| 4. አራተኛውን ፎቅ መለየትና መዝጋት | 30,000 | 4,800 | 28,800 | 12 ወር ተኩል |
| 5. ለልብስ ማጠቢያው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ | 600,000 | 15,000 | 90,000 | 6 ዓመት ከ8 ወር |

የመጀመሪያዎቹ አራት እርምጃዎች በድምሩ 123,000 ብር ያስወጣሉ። በዓመት 51,200 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከጠቅላላው ፍጆታ ከአምስት አንድ በላይ ያስቀራሉ። በገንዘብ 307,200 ብር ነው፤ ወጪውም አምስት ወር ሳይሞላ ይመለሳል።

አምስተኛው እርምጃ ከእነዚህ ይለያል፤ ቀላል የመመለሻ ጊዜ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ለብዙ ዓመታት ለሚያገለግል መሣሪያ ረጅም አይመስልም። ነገር ግን ስሌቱ ወለድን አያውቅም። ባለቤቱ 600,000 ብሩን ከባንክ በ18 በመቶ ወለድ ቢበደር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 108,000 ብር ይሆናል። መሣሪያው የሚያስቀረው ግን 90,000 ብር ነው። ቁጠባው ዋናውን ብድር መክፈል ቀርቶ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ያው መሣሪያ በራስ ገንዘብ ቢገዛ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት እርምጃዎች በዓመት የሚያስቀሩት 307,200 ብር ሳይነካ ቢቀመጥ በሁለት ዓመት ውስጥ 614,400 ብር ይሆናል። ስለዚህ የዘገባው ምክር የፀሐይ ውኃ ማሞቂያው እንዲቀር ሳይሆን ሁለት ዓመት እንዲቆይ ነው።

የሻጩም ሐሳብ በዚሁ ሚዛን ተመዘነ። 50 ኪሎዋት ፓነል በአዲስ አበባ ፀሐይ በዓመት 70,000 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል ተብሎ ተይዟል። ሁሉም ጥቅም ላይ ቢውል 420,000 ብር ያስቀራል፤ የመመለሻ ጊዜውም 12 ዓመት ገደማ ነው። ነገር ግን የሆቴሉ ከፍተኛ ፍጆታ ጠዋትና ማታ እንግዳው በሚታጠብበት ሰዓት ነው፤ ፓነሉ ደግሞ የሚያመነጨው በቀትር ነው። ትርፉን የሚቀበል ከሌለና ከምርቱ ሲሶው ሳይሠራበት ቢቀር ቁጠባው ወደ 280,000 ብር ይወርዳል፤ የመመለሻ ጊዜውም 18 ዓመት ይሆናል። በ18 በመቶ ወለድ የ5,000,000 ብር የአንድ ዓመት ወለድ 900,000 ብር ነው። በዚህ ስሌት ሕንፃውን አስይዞ መበደር ሕንፃውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ይህ ድምዳሜ ግን በሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ መሆኑን ዘገባው ለባለቤቱ ግልጽ ማድረግ አለበት። አንደኛው የኤሌክትሪክ ዋጋ ነው። ዋጋው ከ6 ወደ 9 ብር ከፍ ቢል የፀሐይ ውኃ ማሞቂያው የመመለሻ ጊዜ ወደ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ያጥራል። ለዚህ ነው ሠንጠረዡ ብሩን ብቻ ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱንም የሚይዘው። ብሩ ይለወጣል፤ ኪሎዋት ሰዓቱ ግን ይቆያልና ባለቤቱ በአዲሱ ዋጋ ራሱ ሊያባዛው ይችላል። ሁለተኛው ጄኔሬተሩ ነው። ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገኛል፤ ሊትሩ 120 ብር ቢሆን አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ለናፍጣ ብቻ 40 ብር ያወጣል። መብራት ብዙ ሰዓት በሚጠፋበት ሆቴል የፓነሉ ስሌት ሌላ መልክ ይይዛል። በዚህ ሆቴል ጄኔሬተሩ በዓመት የሚሠራው 150 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ድምዳሜው አልተለወጠም። ጄኔሬተሩ የሠራበትን ሰዓትና የፈጀውን ሊትር የሚመዘግብ ደብተር የሌለው ሆቴል ግን ይህን ውሳኔ ለመወሰን አስቀድሞ ደብተሩን መክፈት አለበት።

ቁጠባው መገኘቱ እንዴት ይታወቃል

እርምጃዎቹ ከተወሰዱ በኋላ የአንዱን ወር ሂሳብ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ማስተያየት አይበቃም፤ እንግዳው ከበዛ ሂሳቡ ቁጠባ እያለም ሊጨምር ይችላል። መመሳከር ያለበት መጀመሪያ የተገኘው ግንኙነት ነው፤ ይኸውም በወር 9,000 ቋሚና በአንድ የክፍል ሌሊት 10 ኪሎዋት ሰዓት። አምፖሎቹ፣ ቴርሞስታቱና የፎቁ መዘጋት የሚነኩት ቋሚውን ስለሆነ እሱ ወደ 6,500 መውረድ አለበት። የሻወር ራሶቹ ደግሞ ከእንግዳው ጋር የሚሄደውን ይነካሉ፤ ስለዚህ 10ሩ ወደ 8.4 ገደማ ይወርዳል።

ይህ መለያየት ብልሽትን ለመለየት ይጠቅማል። ቋሚው ወርዶ የክፍል ሌሊቱ ፍጆታ ካልወረደ፣ የሻወር ራሶቹ ተነቅለው አሮጌዎቹ ተመልሰዋል ወይም ውስጣቸው ያለው የፍሰት መገደቢያ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ባልዲና ሰዓት ይዞ መውጣት ነው። የክፍል ሌሊቱ ወርዶ ቋሚው ካልወረደ ደግሞ፣ ቴርሞስታቶቹ ወደ 75 ተመልሰዋል ወይም የአራተኛው ፎቅ መስመር ተዘግቷል እየተባለ በርቶ ያድራል። በየወሩ አንድ ሌሊት፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ የጥበቃ ሠራተኛው ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ አንብቦ በመዝገብ ቢያኖር ይህ ሁሉ ሂሳቡ ሳይመጣ ይታወቃል። ቀድሞ 24 ይቆጥር የነበረው ቆጣሪ፣ አራተኛው ፎቅ በተዘጋባቸው ወራት ከ16 ብዙም መራቅ የለበትም።